ድምፅ የሌለው የሽሮ ፊልም

«[ሽንኩርት በዘይት ሲጠበስ የሚያሰማው ድምፅ ይሰማል]» ብዬ ሳነብ የአክስቴ ልጅ ሆዷን ይዛ ወንበሩ ላይ ተጠቀለለች።

«አንቺ! ይሄ ምንድን ነው? ሰርኩላር ነው? መጨረሻው ላይ ‘ግልባጭ ለሚመለከታቸው ሁሉ’ በይበታ!»

ተናደድኩ። ማለቴ፣ በጣም ነው የተናደድኩት። እኔ እኮ ስታዲየም አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ በማርቀቅ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። ያረቀቅኩትን አለቃዬ አንድ ፊደል ሳይነካ ነው የሚፈርመው። አሁን ለአንድ የሽሮ ቪዲዮ ጻፊ ተብዬ ይሳቅብኝ? ወረቀቱን ጨምድጄ ልወረውረው ስል አክስቴ ከምድጃው ሆና፣ «ሽንኩርት ሲጠበስ ይሄን ሁሉ ይናገራል እንዴ?» አለች። የባሰ ሳቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ፣ እኔ እቴቴ ነው የምላት፣ ካዛንቺስ፣ ከቢሮዎቹ ጀርባ፣ ሽሮ ቤት ነበራት። እኔም ተማሪ ሆኜ ምሳዬን እዚያ ነው የበላሁት፤ እናቴ ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ሰፈሩ ለልማት ሲፈርስ እሷም ተነሥታ መስቀል ፍላወር፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየች። ድስቱም መጣ፣ ወንበሮቹም መጡ፣ ደንበኞቹ ግን አልመጡም። እንዴት ይምጡ? የት እንደገባች አያውቁም። ደውላ እንዳትነግራቸው የአንዳቸውንም ስልክ አልያዘችም፤ ስማቸውንም እንኳን አታውቅ። እሷ የምታውቃቸው በአበላላቸው ነው። አንዱ «ቃሪያ በብዛት» ነው፣ አንዷ «ዘይት ቀንሺልኝ» ናት፣ አንድ ጡረታ የወጡ ሰውዬ ደግሞ «ጥግ ያሉት» ናቸው፤ በቃ።

«እስከ ፋሲካ አያለሁ» አለች አንድ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ ባዶ ወንበሮች እያየች። «ካልሆነ ቁልፉን ለባለቤቱ እመልስና ቤቴ ቁጭ እላለሁ።»

ቁልፉን በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ሰቅላዋለች። ገብቼ በወጣሁ ቁጥር አየዋለሁ። እቴቴ ቤቷ ቁጭ ብላ! ኧረ እሷ ለቅሶ ቤት እንኳን ቁጭ አትልም፤ ተነሥታ ጓዳ ነው የምትገባው። ቁጭ ካለች ትታመማለች ብዬ ከልቤ ፈራሁ።

ቪዲዮ እንሥራ ያለችው ልጇ ናት። ኦሎምፒያ ባለ ፎቶ ቤት የሠርግ ቪዲዮ ነው የምታቀናብረው። የመጀመሪያ ሙከራችን በድምፅ ነበር፤ ጉድ ሆነ። ምድጃ ላይ ስታወራ የሚያቆማት የሌላት ሴትዮ ካሜራ ሲዞርባት ቀጥ ብላ ቆማ «ክቡራትና ክቡራን ተመልካቾቻችን» ብላ ጀመረች። ከዚያ ዝም። ከዚያ ደግሞ ከቤቱ ጀርባ ድንጋይ የሚሰብረው ማሽን «ድ-ድ-ድ-ድ-ድ!» አለ። ሕንፃ እየተሠራ ነው፤ ማሽኑ ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም። የተቀዳውን ስንሰማው ሽሮ የምትሸጥ ሳይሆን ጦር ሜዳ ላይ የተያዘች ሴትዮ ነው የምትመስለው።

«በቃ፣ ድምፁን ሙሉ በሙሉ እናጥፋው» አለች የአክስቴ ልጅ። «እንደ ድሮ ድምፅ አልባ ፊልም። ጥቁርና ነጭ፣ ሰው ፈጠን ፈጠን እያለ የሚራመድበት። ድምፁን እንጽፈዋለን፣ ቀልዱን እንጽፈዋለን። ሰው እንደሁ ታክሲ ውስጥም ቢሮ ውስጥም ስልኩን ድምፅ አጥፍቶ ነው የሚያየው።» ወደ እኔ ዞረች። «ጸሐፊም አለን።»

ጸሐፊዋ ሰርኩላር ይዛ መጣች እንግዲህ።

ከሳቋ ስትወጣ አስቀምጣ አስተማረችኝ። ድምፅ በቅንፍ፣ ከሥዕሉ ላይ፤ ቀልድ ለብቻው፣ ሥዕሉን አቋርጦ በሚመጣ ጥቁር ሰሌዳ። ቅንፉ ድስቱን መሸፈን የለበትም፣ ከድስቱ አጠገብ ነው የሚወጣው፣ ያውም ነገሩ በሆነባት ቅጽበት፤ ማንኪያው ከወደቀ በኋላ «[ኳ!]» ቢመጣ ዋጋ የለውም። ድምፁ ትልቅ ከሆነ ፊደሉም ትልቅ ይሆናል። ሰሌዳው ደግሞ ሰው ሁለት ጊዜ አንብቦ እስኪጨርስ መቆየት አለበት፣ ስለዚህ አጭር ጻፊ። «ዋናው ግን» አለችኝ፣ «ሥዕሉ የተናገረውን አንቺ አትድገሚው። ሰውየው ሲወድቅ እያየሁ ‘ሰውየው ወደቀ’ ብለሽ አትንገሪኝ።»

ይሄን ስሰማ እንቅልፌን አጣሁ። ደብዳቤ ማለት እኮ ሁሉም የሚያየውን ነገር ደግሞ መናገር ነው! «እንደሚታወቀው» ብለን ነው የምንጀምረው። አሁን የሚታወቀውን ሁሉ ስሰርዘው ወረቀቱ ላይ የቀሩት ድምፆቹ ብቻ ሆኑ፣ እነሱ ደግሞ እንዴት ያምራሉ! «[ቸስስስ]» ብዬ ጻፍኩና ለራሴ ሳነበው ምራቄ መጣ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቆመኛል። ታክሲ ውስጥ የበሩን «[ጓ!]»፣ ቢሮ ውስጥ የማኅተሙን «[ጠቅ]» እየሰበሰብኩ እውላለሁ። ከአጠገቤ የሚቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ «ምን ሆነሽ ነው ለብቻሽ የምትንጫጪው?» ሲለኝ ነገሩን አጫወትኩት። ቁመቱ ረጅም፣ ፊቱ ደግሞ ሳይናገር የሚያስቅ ሰው ነው። ሰምቶ ሳይጨርስ «ደንበኛው እኔ ነኝ» አለ።

የሽሮው ድምፅ ላይ ሦስታችንም ተጣላን። እኔ «[ፏ ፏ]» ብዬ ነበር፤ የአክስቴ ልጅ ፏ ፏ የሚለው ውሃ ነው አለች፤ ባልደረባዬ «ቡልቅ ቡልቅ» ካላልን ብሎ ድርቅ አለ። ማሽኑ ለምሳ ዝም ሲል ጠብቀን ሦስት ጭንቅላት ድስቱ ላይ ደፋን። ሽሮው ቀስ ብሎ አንዲት አረፋ አወጣ፤ ቱክ አለች። ቆየና ሌላ፤ ቱክ። ከዚያ ተንተከተከ።

«ሰማችሁ!» ብዬ ጮህኩ፤ ድስቱ ውስጥ ልገባ ምንም አልቀረኝ። አንዱ ቱክ ለብቻው፣ ሌላው ለብቻው፣ ከዚያ ሦስቱን አከታትዬ ጻፍኳቸው።

የቀረጽነው ማታ ከሥራ ስንወጣ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሁዳዴ ስለነበር እቴቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ በአፏ አይዞርም። የምሳውን ወጥ እንኳን ሳትቀምስ በአፍንጫዋ ነው የምትሠራው፣ ጨው ጎድሎባት አያውቅም። ፊልሙ ውስጥ ግን የመቅመስ ቦታ ስላላት፣ ጾሟን እስክትፈታ ጠበቅናት።

ካሜራ ፊት ያ ድርቅ ያለችው ሴትዮ መናገር እንደሌለባት ስታውቅ ሌላ ሰው ሆነች! እጇ ይናገራል፣ ቅንድቧ ይናገራል፣ ነጠላዋ ሳይቀር ይናገራል። ባልደረባዬ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ገባ። ሰሌዳ፦ «ከቢሮ የወጣ ሰው። ርሃቡ ቀድሞት ገብቷል።» ተቀመጠና ሆዱን ያዘ፤ በትልልቁ «[ጉርርርርር]»። እቴቴ ደንግጣ ወደ መስኮቱ ሮጣ ውጭውን አየች። ሰሌዳ፦ «ገልባጭ መኪና መስሏት ነው።» ሽንኩርቱ ገባ፤ «[ቸስስስ]»። ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ሰሌዳ፦ «የምታለቅሰው በሽንኩርቱ ነው። በአብዛኛው።» ይቺን ስጽፋት እጄ ትንሽ ከብዶኝ ነበር፤ ግን አወጣኋት። ከዚያ ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ ቱክ ቱክ፤ አንዲት ጠብታ ዘልላ ሸሚዙ ላይ፤ «[ጠብ]»። ሰሌዳ፦ «ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሽሮ ቤት የሚገባ ሰው እምነቱ ጠንካራ ነው።» በመጨረሻ እቴቴ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ላሰችና ጣሪያውን አየች። ሰውየው አያት። እሷ ጣሪያውን። እሱ እሷን። ሰሌዳ፦ «ፍርድ ቤቱ ተሰይሟል።» ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ራሷን ነቀነቀች፤ አይ አነቃነቋ! የኖርኩበትን ሁሉ አስረሳችኝ።

ያው ቀልዱ ሁሌ አይሰምርም። መጀመሪያ የተቀናበረውን ስናየው ሽሮው በጥቁርና ነጭ የክረምት ጭቃ መሰለ። እቴቴ አይታ «ይሄንን ነው ሰው ና ብላ የምትሉት?» አለች። እውነቷን ነው። ልጇ አሰበች፣ አሰበች፣ በኋላ ብድግ ብላ አጨበጨበች። ሁሉም ነገር ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይቆይና ክዳኑ በተከፈተባት ቅጽበት ቀለም ይመጣል! አደረገችው። ክዳኑ ተነሣ፣ «[እፍፍፍፍ]»፣ እንፋሎቱ ወጣ፣ ያ ቀይ ሽሮ ስልኩን ሞላው። ሁላችንም እኩል ጮህን።

ማታውኑ ለቀቅነው። ሰው ሳቀ፣ ወደደው፣ ተቀባበለው። እኔማ ስልኬን እንደ ሕፃን አቅፌ ነው የተኛሁት። በማግሥቱ ጠዋት አንድ አስተያየት መጣ፦ «ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እዩት። ሦስት ሰዓት ከሩብ! እትዬ በሁዳዴ፣ በጠዋቱ ላፍ?» ከሥሩ ሌላው «እግዚኦ!»፣ ከሥሩ ሌላው «ሽሮው ሳይሆን ጾሙ ነው የፈረሰው» እያለ ቀጠለ።

ያን ሰዓት ከመቼ ጀምሮ ነው የማውቀው? ዕድሜ ልኬን ነዋ! አረንጓዴ ክፈፍ ያለው፣ ከካዛንቺስ የመጣ ክብ የግድግዳ ሰዓት ነው። እቴቴ ሆን ብላ አሥር ደቂቃ ታስቀድመው ነበር፤ ምሳ የሚበሉት ሠራተኞች እንዳያረፍዱ። ቤቱን የለቀቅን ቀን ጠዋት ከግድግዳው ሲወርድ ባትሪው ወልቆ ጠፋ፤ ሰዓቱም እዚያው ላይ ቀረ። እዚህ ስትመጣ ግድግዳው እንዳይራቆት ብላ ሰቀለችው እንጂ ሰዓት ብሎ ቀና ያለበት ሰው የለም። ሁላችንም ስልክ ነው የምናየው። እያንዳንዷን ሥዕል ስንፈትሽ ሰንብተን፣ ከእቴቴ ራስ በላይ የተሰቀለውን አላየነውም።

ከባልደረባዬ ጋር ከሥራ ወጥቼ ስደርስ አስተያየቱን ነግረዋታል። ምድጃው አጠገብ ቆማ ነበር፣ ፊቷ ሌላ ሆኗል።

«አጥፉት» አለችኝ። «ዕድሜ ልኬን የጾምኩትን በአንድ መዳፍ አፈረሳችሁብኝ። ድሮ ከቅዳሴ ወጥተው የሚመጡት ደንበኞቼ ይሄን አይተው ምን ይሉኛል? እንኳን ሊመጡ! ፋሲካንም አልጠብቅ። ቁልፉን ነገ እመልሳለሁ።»

እንዲያ ስትናገር ሰምቼያት አላውቅም። ባልደረባዬ ቀስ ብሎ «እማማ፣ ማታ እንደነበር እኔ እመሰክራለሁ፤ እኔም ረመዳንን ጾሜ ዒዴን ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፣ በጾም አልዋሽም» ቢላትም አልሰማችውም። ልጇ ስልኳን አውጥታ «ሰዓቱን ቆርጬ አወጣዋለሁ፣ ሥዕሉን ትንሽ ማጥበብ ነው» ስትል እኔ ተነሥቼ እጇን ያዝኩ።

«እንዳትነኪው!»

«ምን?»

«አትቁረጪው እላለሁ! አቅርቢው እንጂ! በድሮ ፊልም ዙሪያው እየጠቆረ ክቧ እየጠበበች አንድ ነገር ላይ ብቻ ስትቀር አይተሽ የለ? ከላሰች በኋላ ክቡን ሰዓቱ ላይ አጥብቢውና አቁሚው። ወረቀት ስጡኝ! ኧረ ወረቀት!»

ወረቀት ሲጠፋ የናፕኪን ጀርባ ላይ ጻፍኩት። እንዲህ ዓይነት ደስታ አይቼ አላውቅም፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ተሠርቶ ያለቀ ያህል ነው የሚወርደው። መጀመሪያ ክቧ ትጠባለች፣ ሰዓቱ ብቻውን ይቀራል፣ ከጎኑ በትንንሹ «[ቀጭ]»። ከዚያ ምንም የለም። ሰው ሁለተኛውን እስኪጠብቅ እንቆያለን፤ ትዕግሥቱ ሊያልቅ ሲል ሰሌዳ፦ «ሁለተኛው ቀጭ ካዛንቺስ ቀርቷል።» ቀጥሎ ሌላ ሰሌዳ፦ «ሰዓቱ ቆሟል። ሽሮው አልቆመም። መስቀል ፍላወር ነን፣ ባትሪ የለንም።» ከሥሩ አቅጣጫውን አስከተልኩ።

አነበብኩላቸው። እቴቴ ሰዓቱን ቀና ብላ አየችው፣ ረጅም ጊዜ አየችው፣ ከዚያ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

«በሽንኩርቱ ነው» አለ ባልደረባዬ።

«ሂድ ከዚህ!» ብላ በማማሰያው ሰነዘረችበት፣ ግን ሳቀች። «እሺ፣ ልቀቁት። ቁልፉን ነገ አልመልስም። ነገ ብቻ!»

የድሮውን አጥፍተን አዲሱን ለቀቅነው።

በማግሥቱ ቢሮ ተቀምጬ አንድ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተውኩት። ስልኬን ጠረጴዛ ሥር ይዤ አያለሁ። ሰው ይስቃል፣ ጥሩ ነው፤ ሳቅ ግን ወንበር አይሞላም። ከምሳ በኋላ አንዲት ሴት «ቆይ፣ ይሄ አሥር ደቂቃ የሚቀድመው ሰዓት አይደል እንዴ?» ብላ ጻፈች። ወዲያው አንድ ሰው «ኧረ እሱ ነው! በሱ ምክንያት አርፍጄ አላውቅም ነበር። እትዬ አሉ ማለት ነው?» አለ። ከዚያ ሌላ፦ «ዘይት ቀንሺልኝ የምላቸው እኔ ነኝ!» ከወንበሬ ብድግ ብዬ «እሰይ!» ስል አለቃዬ በሩን ከፍቶ አየኝ። ባልደረባዬ ሳል ሳል እያለ ሸፈነልኝ።

ከሥራ ወጥተን ኦሎምፒያን አልፈን መስቀል ፍላወር እስክንደርስ ታክሲው ሲንቀረፈፍ እኔ ወርጄ ልገፋው ምንም አልቀረኝም። ከበሩ ስደርስ ግን ቤቱ ባዶ ነው። ወንበሮቹ እንዳሉ ናቸው። እቴቴ ድስቱን ታማስላለች፣ ልጇ ስልኳን ታያለች፣ ከጀርባ ማሽኑ ድ-ድ-ድ-ድ ይላል። ምስማሩ ላይ ያለውን ቁልፍ አይቼ ተቀመጥኩ።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ጨለም አለ። አንድ አረጋዊ፣ ኮት የለበሱ፣ ቆብ ያደረጉ፣ ደፉ ላይ ቆመው ቤቱን አዩት። ሰላም አሉ መሰለኝ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ በማሽኑ ምክንያት አልተሰማም። ወደ ጥጉ ወንበር ሄዱ። ተቀመጡ። ከኪሳቸው አንድ ነገር አወጡና ጠረጴዛው ላይ አቆሙት።

ባትሪ ነው።

እቴቴ ማማሰያውን እንደያዘች ቀረች። «ጥግ ያሉት!» ስትል ከአፏ ቅርጽ ነው ያነበብኩት። ባልደረባዬ፣ ታዲያ ያ ቁመት ለምን ሊሆን ነው፣ እጁን ዘርግቶ ሰዓቱን ያለ ወንበር አወረደ። አረጋዊው መነጽራቸውን አድርገው ባትሪውን ራሳቸው ከተቱት፣ የእጅ ሰዓታቸውን አዩና አስተካከሉት። አሥር ደቂቃም አስቀደሙት! ከዚያ ወደ ግድግዳው ተመለሰ።

ሁላችንም ቀና ብለን ቆምን። ማሽኑ ይደበድባል፣ ምንም አይሰማም። ቀጭኗ ዘንግ ግን ተንቀሳቀሰች። እቴቴ ጣቷን አነሣች፣ ልክ ፊልሙ ውስጥ እንዳደረገችው ቅንድቧን ሰቅላ፣ በአፏ ብቻ «ቀጭ» አለች። ቆየች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ ፊቷ ግን ይስቃል። ሁለተኛ ጣቷን ጨመረች። «ቀጭ።»

እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። የአክስቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መቅረጽ እንኳን ረሳች። በዚህ መሀል ሁለት ሴቶች ከቢሮ ቦርሳቸው ጋር በሩን ከፈቱ፤ አንደኛዋ ገና ከመግባቷ ቦርሳዋን ትበረብራለች፣ ባትሪ ፍለጋ እንደሆነ ገባኝ። ከኋላቸው ሌላ ሰው «እዚህ ነው? እዚህ ነው እንዴ?» ይላል።

እቴቴ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ምድጃው ሮጠች። መንገዷ ላይ ቁልፉን ከምስማሩ አንሥታ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችና ማሽኑን በሚያስንቅ ድምፅ ወደ ልጇ ጮኸች።

«ለቤቱ ባለቤት ደውዪለት! ቁልፉን አልመልስም በይው! አንቺ ደግሞ ቁጭ ብለሽ ከምታለቅሺ ቃሪያ ሰንጊልኝ!»